ቁጥር አራት ላይ ያቁሙ

ወንድሜ ማስታወቂያውን ይዞ የመጣው ላሚኔት አስደርጎ፣ በካኪ ፖስታ ከትቶ ነው። ከላይ «ውድ ደንበኞቻችን» ይላል። መሀል ላይ ያ ጥቁርና ነጩ አራት ማዕዘን ኮድ አለ። ከሥሩ ሦስት መስመር፦ ስካን ያድርጉ፤ የገንዘቡን መጠን ያስገቡ፤ ያረጋግጡ። እናመሰግናለን። በቃ። ሱቁ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ የሚያብለጨልጨው እሱ ሆነ።

«ከእንግዲህ ዝርዝር የለኝም፣ መልስ ጠፋ የሚባል ነገር የለም» አለኝ፣ ከባንኮኒው አጠገብ ግድግዳው ላይ እየለጠፈ። «ሰዉ ስልኩን ያወጣል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። አንቺም ታርፊያለሽ።»

ወንድምጋሼ ሰው ማሳረፍ ይወዳል። ሚስቱን ከሥራዋ አሳረፋት። እናታችንን ስለ ራሷ ቤት ከመወሰን አሳረፋት። አሁን ደግሞ ተራው የኔ ደረሰ ማለት ነው። ማን ደከመኝ እንዳለው አላውቅም። እኔ አላልኩም።

ሱቃችን «ክርና መርፌ» ይባላል። ስሙን ከበሩ በላይ በቀይ ቀለም የጻፈው አባታችን ነው፤ መሰላል ላይ ቆሞ፣ እኔ ከታች የቀለሙን ጣሳ ይዤለት። የምንሸጠው የስፌት ዕቃ ነው፦ ክር፣ መርፌ፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ላስቲክ፣ ገበር። ከላይ ባሉት ፎቆች የሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ ዚፕ ያለቀበት ሰፊ ደረጃውን ሲወርድ የእግሩን ኮቴ ሰምቼ ማን እንደሆነ እለያለሁ። ቤቱ በእናታችን ስም ነው። ንግዱ ግን የኔ ነው። አባታችን ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ንግድ ፈቃዱን ወደኔ አዛወረው፤ ወንድምጋሼ የቢሮ ሰው ስለሆነ ቁልፍ መሸጥ ያሳፍረዋል ብሎ። እውነቱንም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ኮዱን የሞከረው መቀስ ነው። መቀስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሱፍ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ከአፉ የሚወጣው ነገር ሁሉ ስለሚቆርጥ ነው እንዲህ የተባለው። ስልኩን ኮዱ ላይ ደቀነና ስክሪኑን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«የማነው ስሙ?» አለኝ።

«የምን ስም?»

«እዚህ ስም መጣ። የወንድምሽን ሙሉ ስም፣ እስከ አያቱ ድረስ። እኔ የሱፍ ቁልፍ ልገዛ ነው የመጣሁት፣ ከሱ ጋር ልዛመድ አይደለም።»

ያኔ ነው የገባኝ። ወንድምጋሼ ኮዱን ያወጣው ከራሱ ስልክ፣ ከራሱ የግል ሂሳብ ነው። የሱቅ ኮድ አይደለም። ሰው ለሰው የሚልክበት ነው። ደወልኩለት። «ታዲያ ምን ችግር አለው? አንድ ቤተሰብ አይደለን እንዴ?» አለኝ። ብሩን ማታ ማታ እየሰበሰበ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ፤ ለኔ ለማሰብ እንጂ ለሌላ እንዳልሆነም ጨመረበት።

ስለ ብሩ አልዋሸም። ያመጣ ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። ደንበኛ ሲከፍል «ገብቷል» የሚለው መልእክት የሚደርሰው ኮዱ የተያያዘበት ሂሳብ ባለቤት ስልክ ላይ ነው፤ ማለትም ወንድሜ ኪስ ውስጥ፣ ወንድሜ ቢሮ፣ ወንድሜ ስብሰባ ላይ። እኔ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ማንም ሰው ይክፈል አይክፈል አላውቅም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዚፕ እደውላለሁ። «ወንድምጋሼ፣ ገብቷል?» ደንበኛው ዚፑን እኔ ደግሞ ስልኩን ይዘን እንፋጠጣለን። አንዳንዴ ያነሳል። አንዳንዴ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ይዘጋል። በገዛ ሱቄ፣ አባቴ በሰጠኝ ባንኮኒ፣ አንዲት መርፌ ለመስጠት ፈቃድ ጠያቂ ሆንኩ። 

አንድ ቀን የሙሽሮች እናት መጣች። እሷም ሰፊ ናት፣ የሙሽራ ቀሚስ ነው የምትሰፋው፤ የራሷ ልጅ የላትም፣ ግን በከተማው ያገባች ሴት ሁሉ የሷ ልጅ ናት። የማይታይ ዚፕ ፈልጋ ነበር፣ ሙሽራዋ ፎቅ ላይ ቆማ እየጠበቀቻት። ስካን አደረገች፣ ከፈለች። ወንድሜ ስልኩን አያነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ ደረጃውን ታያለች።

«ውሰጂ በቃ» አልኳት።

ማታ ወንድምጋሼ ስልኬን አቃጠለው። «መልእክቱ መድረሱን እኔ ሳልነግርሽ ማን ስጪ አለሽ?»

«ገብቶ የለም እንዴ?»

«ገብቷል። ግን አላወቅሽም ነበር።»

ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ደግሞ እሺታ አድርጎ ወሰደው።

ከዚያ አንድ ሰውዬ መጣ። ጥሩ ለብሷል፣ ጥሩ ይናገራል፣ ለመጋረጃ ነው ብሎ ሙሉ ጥቅል ገበር መረጠ፣ ውዱን። ስልኩን ኮዱ ላይ ደቀነ፣ ነካካ፣ ከዚያ ስክሪኑን አዙሮ አሳየኝ። አረንጓዴ ምልክት፣ የወንድሜ ስም፣ የገንዘቡ ልክ፣ «ክፍያዎ ተሳክቷል»። ሁሉ ነገር አለ። እኔ ግን ትምህርቴን አግኝቻለሁና ለወንድሜ ደወልኩ።

«የገበሩ ገብቷል?»

ከኋላው ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል። አፉን በእጁ ሸፍኖ ነው የሚያወራው። «ገብቷል፣ ገብቷል፣ ስጪው። በየደቂቃው አትደውዪ እባክሽ።»

ሰጠሁት። እንዲያውም እስከ በሩ ድረስ ተሸክሜ አገዝኩት።

አልገባም ነበር። ያሳየኝ ስክሪን የተሠራ ምስል ነው፤ ወንድሜ ደግሞ «ገብቷል» ያለኝ መልእክቱን ሳያይ ነው። ማታ ሂሳቡን ሲያይ የለም። ይህን ጊዜ ጥፋቱ የማን ሆነ? የኔ። «ሌላውን የጠየቅሽኝ መስሎኝ ነው» አለ። «አንቺ ነሽ ሰውየውን ያየሽው። ዓይንሽ የት ነበር?» ዓይኔማ የነበረው እሱ እንዳደርገው ባዘዘኝ ቦታ ነው፤ ስልክ ላይ።

እሑድ እናታችን ቤት ጠራን። ምሳ ከበላን በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድምጋሼ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሆነ ሰው ሊያርፍ ነው ማለት ነው።

«እማዬ፣ ሱቁን ብናከራየው ይሻላል» አለ። «ስልክ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ጥሩ ይከፍላል። እሷ ዘመኑ አልፏታል። ሰዎች እያታለሏት ነው። ሙሉ ጥቅል ገበር በዓይኗ ፊት ተወሰደ።»

እናታችን ወደኔ ዞረች። «እውነት ነው?»

«ገበሩ ተወስዷል» አልኩ። «ግን እማዬ…»

«አየሽ» አለ ወንድሜ፣ በጣም በለሆሳስ፣ ልክ ለታመመ ሰው እንደሚነገረው። «ማንም አልወቀሰሽም። እረፊ ነው ያልኩሽ።»

እናታችን ጨዋታውን በልቧ እየመዘነች ቆየችና «ቅዳሜ ሰውየውን አምጣው፣ ሱቁ ውስጥ ሆነን እንነጋገራለን» አለች። እሺም እምቢም አላለችም። እኔ ግን ያን ምሽት ወደ ቤቴ ስሄድ ብቻዬን እያወራሁ ነበር። ከፍርሃት አይደለም። ፈርቼስ ቢሆን እንዴት በወደድኩ። ንዴት ነው። ያ ሱቅ ከሄደ እኔ የማን ምን ነኝ? የወንድሜ ተጧሪ። በየወሩ መጨረሻ «አሁን አረፍሽ?» የሚለኝ። በአፍንጫዬ ይውጣ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ንግድ ፈቃዴን፣ የግብር ከፋይ ቁጥሬንና መታወቂያዬን ይዤ ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቶቹን አገላበጠች።

«ፈቃዱ በእርስዎ ስም ነው?»

«በኔ ነው።»

«የንግድ ስሙ ክርና መርፌ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እስካሁን የነጋዴ ኮድ ለምን አላወጡም?»

«አሳርፈውኝ ነበር» አልኳት። አልገባትም፤ ግን ሳቀች።

ኮዱ በማግስቱ ደረሰ። የነጋዴ ኮድ ስለሆነ ደንበኛ ስካን ሲያደርግ የሚመጣው የሱቁ ስም ነው፤ «ክርና መርፌ»፣ ልክ አባታችን እንደጻፈው። ብሩ የሚገባው የሱቁ ሂሳብ ውስጥ፣ መልእክቱ የሚደርሰው የኔ ስልክ ላይ። መጀመሪያ የራሴን ስልክ አውጥቼ ራሴ ስካን አደረግኩት። ስሙ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማንም ስላላየኝ ደስ አለኝ።

የወንድሜን ላሚኔት አወረድኩት። አልቀደድኩትም፤ እንዳለ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ትልቅ ወረቀትና ወፍራም ማርከር አውጥቼ የራሴን ማስታወቂያ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። «ውድ ደንበኞቻችን» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ደንበኞቼን እንዲህ ብያቸው አላውቅም። ባንኮኒ ላይ ቆሜ እንደምናገራቸው ጻፍኩላቸው፦

በስልክ ለምትከፍሉ ሁሉ

1. መጀመሪያ ዕቃውን ይምረጡ፣ ዋጋውን ይጠይቁኝ።
2. የባንክዎን አፕ ይክፈቱና «ስካን» የሚለውን ይንኩ።
3. ካሜራውን እታች ያለው ኮድ ላይ ያድርጉ። አይጠጉት፣ አይራቁት፤ ሙሉው ኮድ ይታይ።
4. ስም ይመጣል። ከበሩ በላይ የተጻፈውን ስም ይመልከቱ። ሁለቱ አንድ ካልሆኑ ያቁሙ። አይክፈሉ። ይጥሩኝ።
5. አንድ ከሆኑ የነገርኩዎትን ዋጋ ይጻፉ። ዜሮ እንዳይበዛ፣ እንዳያንስ።
6. የምስጢር ቁጥርዎን ያስገቡ። ለማንም አይንገሩ። ለኔም አይንገሩ።
7. መልእክቱ እኔ ስልክ ላይ ሲደርስ አይቼ «ገብቷል» እልዎታለሁ። የስልክዎን ስክሪን አያሳዩኝ፤ አላየውም። ቅር አይበልዎ።

ከሥሩ ኮዱን ለጠፍኩና እንዳይቆሽሽ ከላዩ በሰፊ ግልጽ ስኮች ሸፈንኩት።

መቀስ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ወደ በሩ ወጥቶ ቀና ብሎ የአባቴን ጽሕፈት አየና ተመለሰ። «ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ፍርድ ቤት?» አለኝ። ከፎቁ ያሉት ሰፊዎች በሙሉ ሳምንቱን እየመጡ አነበቡት። «ቁጥር አራት ደረስሽ?» መባባል ጀመሩ። ሥራውም ቀለለ። ሰው ይከፍላል፣ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ይጮሃል፣ አያለሁ፣ «ገብቷል» እላለሁ፣ ይሄዳል። ለማንም አልደውልም።

መደወሌም፣ ለሱ ሂሳብ ብር መግባቱም መቆሙ ወንድሜን ግራ አላጋባውም። ሥራውን ትታ አረፈችልኝ ብሎ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ እሱ መጣ። የክት ሱፉን ለብሷል፤ የኮቱ የመሀል ቁልፍ ግን የለም፣ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል። ግድግዳውን አይቶ ቆመ።

«የኔ የት ሄደ?»

«መሳቢያ ውስጥ ነው። ጥግ ጥጉ እንኳ አልታጠፈም።»

«ይሄስ የማነው?»

«የሱቁ።»

ፊቱ ቀላ። ግን ደንበኞች ነበሩና ድምፁን አላነሳም። ቦርሳውን ከፍቶ ኮዱ የታተመበት ተለጣፊ አወጣ፤ ይህ ሰው በየሄደበት የራሱን ኮድ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። የጀርባ ወረቀቱን ላጥ አድርጎ የኔ ኮድ ላይ ልክ ለካው፣ ለጠፈው፣ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳመጠው።

«እማዬ እስክትወስን ድረስ ይህ ይቆያል» አለኝ። «የሚከራየው ሰው ፊት የቤተሰብ ነገር አናወጣም። ግልጽ ነው?»

«ግልጽ ነው» አልኩት።

አልነካሁትም። ለምን እነካዋለሁ? እሱ ያየው ኮዱን ብቻ ነው። ከኮዱ በላይ ያሉትን መስመሮች አላነበበም፤ የእህቱን የእጅ ጽሕፈት ለማንበብ ጊዜ የለውም። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። 

እናታችን መጣች። ለሷ ወንበር አወጣሁና ከባንኮኒው አጠገብ አስቀመጥኳት። ቀጥሎ ስልክ ሻጩ መጣ፤ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው፣ ምንም አላጠፋም። ግድግዳዎቹን በዓይኑ ይለካ ጀመር። ወንድሜ መደርደሪያው የት ሊሆን እንደሚችል እያሳየው ሳለ የሙሽሮች እናት ገባች።

«ነጭ ክር፣ የተለመደውን» አለች። ዋጋውን ነገርኳት። ስልኳን አወጣች፣ ደቀነች። ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ ማነው?»

«ማን መጣ?» አልኳት፣ የማላውቅ መስዬ።

ስሙን አነበበችልኝ። እስከ አያቱ። ከዚያ ማስታወቂያውን አየች፣ ወደ ውጭ ወጥታ በሩን አየች፣ ተመልሳ ገባች። «አንድ አይደሉም። አልከፍልም» አለችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ወንድሜ ፈገግ ብሎ ቀረባት። «እኔ ነኝ እኮ፣ እትዬ። ወንድሟ ነኝ። ይክፈሉ፣ ችግር የለውም።»

«ጌታዬ፣ ወንድሟ መሆንዎ ደስ ይላል» አለችው። «ግን ቁጥር አራት አቁሚ ይላል፣ ቆምኩ።»

መቀስ ደግሞ ከኋላዋ ደርሷል። የሚፈልገው ገበር ነበር፤ እንደሚቆይ ሲያይ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። «እኔም ቆሜያለሁ» አለ። «ገና ስካን አላደረግኩም፤ ግን ከወዲሁ ቆሜያለሁ።»

«አቶ… » አለ ወንድሜ፤ ስሙን አያውቀውም። ስንት ዓመት እዚህ ሱቅ የሚመጣ ሰው ነው። «ገንዘቡ ያው ለሱቁ ነው።»

«ለሱቁ ከሆነ ስክሪኔ ላይ ለምን ሱቁ አልመጣም? እርስዎን አላውቅዎትም፤ እኔ የምገዛው ከሷ ነው።»

እነሱ ይህን ሁሉ ያደረጉት ስለሚያውቁኝ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን ከዚያ አንዲት ፈጽሞ የማላውቃት ሴት ገባች፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ። ላስቲክ ፈለገች። ማንም ምንም ሳይላት ማስታወቂያውን ከላይ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ስካን አደረገች፤ ቆመች። «ሱቁን ሌላ ሰው ነው እንዴ የገዛው?» አለች። «ስሙ ልክ አይደለም።» እኔ ሳልናገር ከቦርሳዋ ጥሬ ብር አውጥታ ሰጠችኝና ላስቲኳን ይዛ ሄደች።

ስልክ ሻጩ ግድግዳ መለካቱን ትቶ ማስታወቂያውን ማንበብ ጀመረ። ሲያነብ ራሱን ይነቀንቃል። የሙያው ነገር ነውና ገባው።

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። አሁን ድምፁ ወጣ። «ይህን ወረቀት አውርጂው።»

«አላወርድም።»

«አውርጂው አልኩሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«የትኛው ቁጥር ነው የተሳሳተው?» አልኩት። «ጠቁመኝና እሱን እሰርዘዋለሁ። ማርከሩ ይኸው። ዋጋ ጠይቁ ማለቴ ነው? የምስጢር ቁጥር አትንገሩ ማለቴ ነው? ወይስ ስሙን እዩ ማለቴ? በል ጠቁመኝ።»

ማርከሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። አላነሳውም።

«ምን እየሆነ ነው?» አለች እናታችን። «መነጽሬን አላመጣሁም። ቁጥር አራት ምን ይላል? አንተ አንብብልኝ።»

ለሱ ነው ያለችው፣ ለኔ አይደለም። ወንድሜ እምቢ ሊላት አይችልም። አነበበላት፤ ፈጠን አድርጎ፣ ቃላቱን እየዋጠ። እናታችን ሰማች።

«ስሙ ለምን አንድ አልሆነም?»

«ኮዱ በኔ ስም ስለሆነ ነው፣ እማዬ። ለቁጥጥር እንዲያመች ብዬ…»

«አባትህ ይህን ሱቅ በላቡ ነው የከፈተው» አለች እናታችን። «መሰላል ላይ ወጥቶ ስም ሲጽፍ የራሱን ስም አልጻፈም። አንተ የራስህን ለምን ጻፍክ?»

 መቀስ እንኳ ዝም አለ፤ ይህ በየቀኑ አይገኝም።

«ሰው ስላታለላት ነው» አለ ወንድሜ። «ገበሩ…»

«ስለ ገበሩ እናውራ» አልኩ። ስጠብቅ የነበረው ይህን ነው። «ሰውየው ስክሪኑን አሳየኝ፣ አላመንኩትም። ላንተ ደወልኩ። ገብቷል አልከኝ። አይተህ ነበር? እማዬ ፊት ንገረኝ። መልእክቱን አይተህ ነበር?»

እናታችን ጠበቀችው። እኔም ጠበቅኩት። የተንጠለጠለውን የኮቱን ክር በጣቱ ሲያፍተለትል አየሁ።

«ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ። «አላየሁም።»

«ዓይንሽ የት ነበር ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

 እናታችን ወደ ስልክ ሻጩ ዞራ «ልጄ፣ ይቅርታ፣ በከንቱ አደከምንህ» አለችው። ሰውዬው ምንም አይደለም ብሎ እጅ ነሳ፤ ሲወጣ ግን ስልኩን አውጥቶ የማስታወቂያዬን ፎቶ አነሳ። «የኔ ሱቅ ውስጥ እለጥፈዋለሁ፣ ከፈቀዱልኝ» አለኝ። ፈቀድኩለት።

«የለጠፍከውን አንሳ» አለች እናታችን።

ወንድሜ ተለጣፊውን በጥፍሩ ከጥጉ ጀምሮ ላጠው። ከሥሩ ያለውን በስኮች ስለሸፈንኩት ምንም አልሆነም። የሙሽሮች እናት ሳትጋበዝ ስልኳን አውጥታ ደቀነች። «ክርና መርፌ» አለች ጮክ ብላ፣ ልክ ስም ጠሪ እንደሆነች ሁሉ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። መቀስም ገበሩን ገዛ። እንደገና ጮኸ።

ሰዎቹ ሲወጡ እናታችን ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ወንድሜ ደግሞ መሀል ሱቁ ላይ እንደቆመ ቀረ። ይሄዳል ብዬ ነበር። ቢሄድ ይቀለኝ ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ልጅነታችን፣ ጨዋታ ሲሸነፍ የሚያኮርፈው ነገር ነበረው። ወንድሜ ነው፣ ምን ላድርግ። አዘንኩለት። ግን ማዘኔ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አላስኬደኝም፤ ይህን ማወቅ አለበት።

የቁልፍ መሳቢያውን አወጣሁና የኮቱን ሌሎች ቁልፎች የሚመስል ፈልጌ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ጥቁር፣ ባለ አራት ቀዳዳ።

«ይሄ ይሆንልሃል» አልኩት።

አንስቶ ከሌሎቹ ጋር አስተያየው። ልክ ነበር። ወደ ኪሱ ሊከተው ሲል እናታችን ጉሮሮዋን ጠረገች።

ወንድሜ እሷን አያት። እኔን አየኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ስንት ነው?» አለ።

ነገርኩት። ስካኑን ከፈተ፣ ወደ ግድግዳው ቀረበ፣ ትንሽ ራቅ አለ፣ ሙሉው ኮድ እንዲታይ። ከዚያ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን ተመለከተ። ወደ በሩ ሄዶ ከደፉ ወጣ ብሎ ቀና አለና አባታችን በቀይ የጻፈውን አየ። ስንት ጊዜ ከሥሩ እንዳለፈ አላውቅም፤ ቀና ብሎ ሲያየው ያየሁት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው።

«አንድ ናቸው» አለ ሲመለስ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ቀጥል» አልኩት።

ዋጋውን ጻፈ። የምስጢር ቁጥሩን ሲያስገባ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩለት፤ ማስታወቂያዬ እኔንም ያዝዘኛል። ስክሪኑን ሊያሳየኝ ስልኩን ግማሽ መንገድ ካነሳ በኋላ ትዝ አለውና መለሰው። ቆመን ጠበቅን። ወንድሜ፣ ቁልፉን በመዳፉ ይዞ፣ እኔ እስክናገር ጠበቀ።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። አወጣሁት፣ መልእክቱን ከፈትኩ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

«ገብቷል» አልኩት። «አይቼ ነው።»